ጠረጴዛው ላይ የሚጮኸው ስም፦ የጨዋታ አሰያየም ዳሰሳ

ሉዶ የማይታወቅበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ዳይስ ይወረወራል፤ ስድስት ያመጣ ጠጠሩን ከቤት ያስወጣል፤ ዙሪያውን እየቆጠረ ይጓዛል፤ ሊገባ ሁለት ሦስት ቤት ሲቀረው ከኋላው የደረሰ ባላጋራ ይበላውና ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ሳቁም ጭቅጭቁም ያለው እዚች መበላት ላይ ነው። ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይታየውም። «ሉዶ» በላቲን «እጫወታለሁ» ማለት ነው። በ1896 እንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት ሲወጣለት የተሰጠው ይህ ስም፣ ምግብ ቤት ከፍቶ «እበላለሁ» ብሎ እንደመሰየም ያህል ነው። ውሸት የለበትም፤ ምን እንደሚቀርብ ግን አይናገርም። (ዓመታቱ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሉዶ የተቀዳበት የሕንዶቹ ጨዋታ ፓቺሲ ይባላል። ስሙ የመጣው ከሃያ አምስት ቁጥር ነው፤ በዛጎል ሲጣል የሚገኘው ትልቁ ውጤት ሃያ አምስት ነበርና። ተጫዋቹ ምን እየተመኘ እንደሚጥል ከስሙ ይታወቃል። ይኸው ቤተሰብ ጀርመን ሲገባ ሌላ ስም አገኘ። የሙኒኩ ዮሴፍ ሽሚት ለልጆቹ የሠራውን ጨዋታ በ1914 በብዛት ማምረት ሲጀምር «አንተ ሰው፣ አትናደድ» አለው። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ በ1929 የባለቤትነት መብት የወጣለት ሌላ ዘመድ «ይቅርታ!» ተባለ፤ እሱ በዳይስ ፈንታ በካርታ የሚጓዝ ነው። እነዚህን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ደስ ይላል። ሁለቱም የተወሰዱት ከአንድ ቅጽበት ነው፤ ጠጠር ተበልቶ ወደ ቤቱ ከሚመለስበት። እንግሊዞቹ የበላው ሰው በሹፈት የሚለውን ወሰዱ፤ ጀርመኖቹ የተበላው የሚባለውን። ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ ሰው ሁለቱንም ስሞች ሰምቶ «እዚህ ጨዋታ ውስጥ አንዱ ሌላውን የሚያበሳጭበት ነገር አለ» ብሎ መገመት ይችላል። ከሉዶ ግን ይህን መገመት አይቻልም።

ይህ ዳሰሳ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ጥሩ የጨዋታ ስም በአብዛኛው የሚገኘው ከጨዋታው ታሪክ ወይም ከሥዕሉ ሳይሆን፣ ተጫዋቾች ጠረጴዛው ዙሪያ ቁጭ ብለው በጭንቁ ሰዓት ከሚሉት ቃል ነው።

አሮጌዎቹ ጨዋታዎቻችን ስም የመምረጥ ጣጣ አልነበረባቸውም። ገበጣ፣ ዳማና ሰንጠረዥ ስማቸው ስለ አጨዋወታቸው ብዙ የማይነግረን ማንም ሊሸጣቸው ስላልተነሳ ነው። ገበጣን የሚማር ልጅ ታላቁ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጠጠሩ ሲዘራና ሲለቀም እያየ ነው የሚማረው፤ ስሙ የሚያስፈልገው «ና፣ እንጫወት» ለማለት ብቻ ነው። የዛሬ ጨዋታ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከመቶ ሳጥኖች ጋር ተሰልፎ፣ አስተማሪ በሌለበት፣ ሰው በሚያልፍበት ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ራሱን ማስተዋወቅ አለበት። ስም ሥራ የበዛበት ከዚያ በኋላ ነው።

የሚጮኽ ስም ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ኡኖ ነው። መርል ሮቢንስ የተባለ የኦሃዮ ፀጉር አስተካካይ በ1971 ያወጣው የካርታ ጨዋታ ሲሆን፣ በቀለም ወይም በቁጥር የሚመሳሰል ካርታ እየጣሉ እጅን ባዶ ማድረግ ነው ግቡ። አጨዋወቱ ከዚያ በፊት በተራ ካርታ ይጫወቱት ከነበረው «እብድ ስምንት» ብዙ አይርቅም። በእብድ ስምንት ስምንት ቁጥር በማንኛውም ካርታ ላይ ይጣላል፤ ስሙም የሚነግረን ይህን ልዩ ካርታ ነው። ኡኖ ስሙን የወሰደው ከሌላ ቦታ ነው። እጁ ላይ አንድ ካርታ ብቻ የቀረው ተጫዋች «ኡኖ» ማለት አለበት፤ ሳይል ከተነቃበት ሁለት ካርታ ይስባል። ስለዚህ ስሙ በየዙሩ ይጠራል፤ የሚጠራውም የሁሉም ዓይን ሊያሸንፍ የተቃረበው ሰው ላይ ባረፈበት ሰዓት ነው። ከጎን ሆኖ የሚያይ እንግዳ የጨዋታውን ስም «ምን ይባላል?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። ጮክ ተብሎ ተነግሮታል፤ መቼ እንደሚባልም አይቷል። አዲስ አበባ ላይ «ኡኖ» ከጣሊያንኛ በኩል ለጆሯችን እንግዳ አለመሆኑም ሳይረዳው አልቀረም።

እዚህ ላይ የሚስተው ነገር፣ ኡኖ ስሙን ያገኘው ከሕጉ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሕጉም ስሙን ይሸከማል። «ኡኖ» ማለትን የረሳ ቅጣት ባይኖርበት ኖሮ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ማንም አይለውም ነበር። ጨዋታ ፈጣሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጮኽ ስም ይመርጡና መጮኹን በትህትና ለተጫዋቹ ፈቃድ ይተዉታል። መመሪያው ላይ «ተጫዋቹ እንዲህ ሊል ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ያ ስም ሳጥኑ ላይ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል፤ ዋናውን ሕግ ራሱን ስም ማድረግ። ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለው ምሳሌ ቮልፍጋንግ ክራመር የፈጠረውና አሚጎ የተባለው የጀርመን አሳታሚ በ1994 ያወጣው ጨዋታ ነው። የጀርመንኛ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስድስተኛው ይወስዳል!» እንደ ማለት ነው። ከ1 እስከ 104 የተቆጠሩ 104 ካርታዎች አሉት። ጠረጴዛው ላይ አራት ረድፍ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ሰው አሥር ካርታ ይይዛል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አንዳንድ ካርታ ደፍተው ያስቀምጡና አብረው ይገልጣሉ፤ ከትንሹ ቁጥር ጀምሮ እያንዳንዱ ካርታ ከራሱ ከሚያንሱት የረድፍ መጨረሻዎች በጣም ወደሚቀርበው ይሄዳል። አንድ ረድፍ አምስት ካርታ ይችላል። ስድስተኛ ካርታ ያመጣ ሰው አምስቱን ይሰበስባል፤ የሱ ካርታ የአዲስ ረድፍ መጀመሪያ ይሆናል። የተሰበሰበው ካርታ ሀብት እንዳይመስላችሁ፤ ላዩ ላይ ያሉት የበሬ ራሶች እየተቆጠሩ ዕዳ ይሆናሉ።

አራቱ ረድፎች በ37፣ በ58፣ በ70 እና በ91 አልቀዋል እንበል። በ37 ያለቀው ረድፍ አምስት ካርታ ሞልቶታል። እጃችሁ ላይ 42 አለ። ከ42 የሚያንሰው መጨረሻ 37 ብቻ ስለሆነ ካርታችሁ የግድ ወደዚያ ይሄዳል፤ ስድስተኛ ትሆናላችሁ፤ ትወስዳላችሁ። ይህን ሕግ ለአዲስ ሰው ስታስረዱ የምትጨርሱት የግድ በጨዋታው ስም ነው። ማስረዳቱ ሲያልቅ ስሙ ተነግሯል፤ ስሙ ሲታወስም ሕጉ አብሮ ይታወሳል። ከዓመት በኋላ ሳጥኑን ከቁም ሣጥን ያወጣ ሰው መመሪያውን ሳይገልጥ ግማሹን ያስታውሳል ማለት ነው። ይህን አገልግሎት የሚሰጡ ስሞች ጥቂት ናቸው።

ታዲያ ይህ ስም ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የደረሰበትን ማየት ያስተምራል። አንዱ እትም «ስድስት ውሰድ!» ሆኖ ወጣ። ቁጥሩ እንዳለ ነው፤ ድምፁም ያምራል፤ ትርጉሙ ግን ሐሰት ሆነ። በጨዋታው ውስጥ ስድስት ካርታ የሚወስድ የለም፤ የሚወሰደው አምስት ነው። በጀርመንኛው ስድስተኛው ወሳጅ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ስድስት ተወሳጅ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ በሌላ ጊዜ «አምስት ውሰድ» በሚል ስም መሸጡ ስሌቱን አስተካክሎታል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ስም የነበረውን ማስጠንቀቂያ ይዞ አልመጣም። «ስድስተኛው ይወስዳል» ሲባል ስድስተኛ ላለመሆን መጠንቀቅ ይመጣል። «አምስት ውሰድ» ግን ግብዣ ይመስላል።

የጉዞው ችግር ሁልጊዜ በዚህ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። አላን ሙን በ2004 ያወጣው የባቡር ጨዋታ በእንግሊዝኛ የጉዞ ትኬት ትዝ እንዲል ተደርጎ ነው የተሰየመው፤ የዚያው ጨዋታ የጀርመንኛ ስም ግን ይበልጠዋል ብዬ አምናለሁ። በጀርመንኛ ባቡርም የጨዋታ ተራም አንድ ቃል ስለሆኑ፣ ስሙ «ባቡር በባቡር» እና «በየተራ፣ ደረጃ በደረጃ» ተብሎ ይነበባል፤ ጨዋታውም ያ ነው። በአንጻሩ አንቶኒ ፕራት የፈጠረውና በ1949 ብሪታንያ ውስጥ የታተመው የግድያ ምርመራ ጨዋታ፣ «ፍንጭ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከሉዶ ጋር ቀላቅሎ «ክሉዶ» ተባለ። ሉዶን የሚያውቅ እንግሊዛዊ ፈገግ ይላል። አሜሪካኖች ግን ያንን የጨዋታ ቤተሰብ በሌላ ስም ስለሚያውቁት ቀልዱ አይገባቸውም፤ ስለዚህ እዚያ ሁለተኛው ክፍል ተቆርጦ «ፍንጭ» ብቻ ቀረ። የቃላት ጨዋታ ያለበት ስም፣ ገዢው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ያ እውቀት በሌለበት አገር መቆረጡ አይቀርም።

ስም ብቻውን ጨዋታን አነሳ የሚለውን ወሬ ግን በጥርጣሬ ነው የማየው። የዚህ ወሬ ዋና ምስክር ስክራብል ነው። አርክቴክቱ አልፍሬድ ቡትስ በ1930ዎቹ የፊደል ጨዋታውን በመጀመሪያ «ሌክሲኮ»፣ ቀጥሎ «የተጠላለፉ ቃላት» ብሎት ነበር፤ በ1948 ጄምስ ብሩኖት ስሙን ወደ ስክራብል ለወጠው፤ ቃሉ በእጅ መፈተሽን፣ እየጫሩ መፈለግን ያመለክታል። የመጀመሪያው ስም መዝገበ ቃላት ይሸታል፤ ሁለተኛው የገበታውን መልክ ይናገራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ፊደል ፍለጋ ከረጢት ውስጥ የገባውን እጅ ያስታውሳል። ወደ ድርጊት እየቀረበ መጥቷል፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ብሩኖት ስሙን ብቻ አይደለም የነካው፤ ሕጉንም አቅልሏል፤ የገበታውን ባለ ቀለም ቤቶችም አስተካክሏል። ሽያጩ የጨመረውም ወዲያው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ነው።

«የሚፈነዱ የድመት ግልገሎች» የተባለው የካርታ ጨዋታም እንደዚሁ ነው። በ2015 በሕዝብ መዋጮ ከ219 ሺህ በላይ ሰዎች ከ8.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። መጀመሪያ ከቦምብ አምካኞች ጋር የተያያዘ ስም ነበረው፤ ካርቱኒስቱ ማቲው ኢንማን ሲቀላቀል ነው ድመቶቹ የመጡት። ስሙ ጆሮ ይስባል፤ ሕጉንም አይደብቅም፤ የምትፈነዳዋን ግልገል የሳበ፣ ማምከኛ ካርታ ከሌለው፣ ከጨዋታው ይወጣል። ግን ኢንማን ከዚያ በፊትም እጅግ ብዙ ተከታይ የነበረው ሰው ነው። ይኸው ስም ማንም በማያውቀው ሰው ሳጥን ላይ ቢሆን ምን ያህል እንደሚሄድ ማንም አይነግራችሁም።

ብዙ የሚናገር ስም የሚከፍለው ዋጋም አለ፤ እሱም በሕግ በኩል ይመጣል። ኤሊዛቤት ማጊ በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘችበት ጨዋታ «የባለርስቱ ጨዋታ» ይባል ነበር። ዓላማዋ የመሬት ኪራይ ጥቂቶችን እንዴት እንደሚያበለጽግ ማሳየት ነበርና ስሙ ተወቃሹን ነው የሚጠቁመው። ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ሲዞር ሰዎች የአሸናፊውን መጨረሻ ስም አደረጉት፤ «ሞኖፖሊ»፣ ሁሉንም ብቻውን የያዘ። ፓርከር ብራዘርስ በ1935 ያሳተመው በዚሁ ስም ነው። ለተጫዋች ድንቅ ስም ነው፤ እንዴት እንደሚያሸንፍ በአንድ ቃል ይነግረዋል። ሆኖም በ1970ዎቹ የሳን ፍራንሲስኮ የኢኮኖሚክስ መምህር ራልፍ አንስፓክ «ጸረ ሞኖፖሊ» የሚል ጨዋታ ሲያወጣ ክስ ተነሳ፤ ክርክሩ ለዓመታት ተጎትቶ በ1982 የይግባኝ ፍርድ ቤት «ሞኖፖሊ» የአንድ ድርጅት ምልክት ሳይሆን የጨዋታው ዓይነት መጠሪያ ሆኗል ብሎ ወሰነ። በ1984 የአሜሪካ ኮንግረስ ለውሳኔው መሠረት የሆነውን መመዘኛ በሕግ እስኪለውጥ ድረስ ብዙ ባለ ምልክቶች ደንግጠው ነበር።

የእኛም አገር ሕግ ከዚህ አይርቅም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ዓ.ም. የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም አገልግሎት ብቻ የሚገልጽን ስም ለአንድ ሰው አይሰጥም። «የካርታ ጨዋታ» ብሎ ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። መጫወቻዎችና ጨዋታዎች በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ ምድብ 28 ውስጥ ናቸውና፣ ስም ከመውደድ በፊት በዚያ ምድብ የተመዘገበ ተመሳሳይ መኖሩን ማጣራት ነው። እንግዲህ ስሙ የሚፈለገው ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ አጨዋወቱን መጠቆም አለበት፣ ዕቃውን ብቻ መግለጽ ግን የለበትም። የጭንቅ ሰዓት ቃል እዚህም ይጠቅማል። «ኡኖ» ቁጥር ነው እንጂ የካርታ ጨዋታ ማለት አይደለም፤ «ይቅርታ!» ደግሞ የዕለት ተዕለት ጨዋነት ነው።

አሁን ወደ አማርኛ እንግባ፤ እስካሁን የተባለውን እንዳለ ስንቀዳ የሚያደናቅፉን ነገሮች አሉና።

የመጀመሪያው የግሳችን ጾታ ነው። ሌስሊ ስኮት ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ያደገች ናት፤ በ1983 ለንደን ላይ የእንጨት ግንብ ጨዋታዋን ስታወጣ «ጄንጋ» አለችው፤ በስዋሂሊ «ገንባ» እንደ ማለት። የስዋሂሊው ትእዛዝ ወንድ ሴት አይለይም። እኛ ግን «ገንባ» ስንል ለወንድ ነው፤ «ገንቢ» ለሴት፣ «ገንቡ» ለብዙ። «ውሰድ» ብሎ የተሰየመ ጨዋታ ሳጥኑ ላይ የግማሹን ገዢ ጾታ ስቷል፤ «ውሰዱ» ደግሞ የመምህር ትእዛዝ ይመስላል። ከዚህ የሚያመልጡት በራስ አንደበት የሚባሉት ናቸው፤ «ወሰድኩ»፣ «አለፍኩ»፣ «ልጨምር»። ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን ቃሉ አይለወጥም። የጭንቅ ሰዓት ቃል ደግሞ በተፈጥሮው በራስ አንደበት የሚባል ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ስም ከትእዛዝ ስም ይልቅ ይመቻል።

ሁለተኛው ፊደል ነው። «ዕድል» የሚል ጨዋታ ብታወጡ ግማሹ ሰው ስልኩ ላይ «እድል» ብሎ ይፈልገዋል፤ «ሠረገላ» ብትሉ በ«ሰ» ይጻፋል። ለሰዋስው መምህር ትንሽ ነገር ነው፤ ጨዋታውን ፈልጎ ላጣ ገዢ ግን ጨዋታው የለም ማለት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ የሌሉበትን ስም መምረጥ ከወዲሁ ብዙ ችግር ያስቀራል። ከዚሁ ጋር ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይበላል» ተብሎ ሲጻፍ የሚበላውም የሚበላበትም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህ ጉድለት ነው፤ ጠጠር የሚበላሉበት ጨዋታ ላይ ግን ሆን ተብሎ ቢደረግ ያምራል፤ በየተራው ከሁለቱ አንዱ ነው የሚደርሰው።

ይህን ሁሉ በአንድ ጨዋታ ላይ እንሞክረው። ጨዋታው ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ነው፤ የሚኒባስ ታክሲ የካርታ ጨዋታ። ስልሳ ካርታ አለው፤ አርባ ስምንቱ ተሳፋሪ፣ አሥራ ሁለቱ ትራፊክ ፖሊስ። ተሳፋሪዎቹ አምስት፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ብር ይከፍላሉ። ተራው የደረሰ ሰው ከክምሩ አንድ ካርታ ይገልጣል፤ ከዚያ ወይ አቁሞ የተሰበሰበውን ሂሳብ ኪሱ ያስገባል፣ ወይ ሌላ ይጨምራል። በአንድ ጉዞ ሁለተኛ ትራፊክ ከወጣበት የዚያ ጉዞ ሂሳብ ሁሉ ይቀራል። ቀድሞ ሁለት መቶ ብር የሞላ ያሸንፋል። «ይብቃኝ ወይስ ልጨምር?» ነው ጭንቁ፤ ሲድ ሳክሰን በ1980 ያወጣው «ማቆም አይቻልም» የሚለው የዳይስ ጨዋታ የቆመበት ጭንቅ ነው።

መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው ስም «የታክሲ ጨዋታ» ነው። ይህን ሕጉም አይጠብቀው፣ ሰውም አያስታውሰው። ቀጥሎ «ሸገር» ይመጣል፤ ይሞቃል፣ ይሸጣል፣ ግን ሬዲዮውም አውቶቡሱም ከተማውም ሸገር ነው፤ ምን እንደምናደርግ ደግሞ አይነግረንም። ሦስተኛው «ወራጅ አለ!» ነው፤ በልቤ ብዙ የቆየውም እሱ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ይጮኻል፤ ወንድ ሴት የለውም፤ አቁሞ ሂሳቡን የሚሰበስብ ተጫዋች ቢለው ጥሩ ይገጥማል። ግን በአንድ ተራ አንዴ ብቻ የሚባል፣ ያውም የማቆሚያ ቃል ነው። የጨዋታው ደም ያለው ደግሞ አለማቆም ላይ ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ስለ ታክሲ ኮሜዲ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

አራተኛው «ትርፍ» ነው። ታክሲ ውስጥ ትርፍ ከወንበሩ በላይ የተጫነ ሰው ነው፤ ሾፌር ትርፍ ጭኖ ነው የሚቀጣው። ኪስ ውስጥ የሚገባውም ትርፍ ይባላል። በአንድ ቃል ጥቅሙም አደጋውም ተነግሯል፤ ተሻሚ ፊደል የለበትም። ጉድለቱ ብቻውን መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ነው፤ የሂሳብ አያያዝ ማስተማሪያ ይመስላል። ይህን ለማዳን አንድ ቃል ብቻ ይበቃል። «አንድ ትርፍ!» ሲባል ቁጥሩ የሚጨመረውን አንድ ካርታ ይናገራል፤ አነጋገሩ ከታክሲ በር ላይ ያለውን ረዳት ያመጣል፤ ቃሉም የሚባለው ተጫዋቹ ሌላ ካርታ ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ ነው። በአንድ ተራ አራት አምስት ጊዜ ሊባል ይችላል። እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ።

መምረጥ ግን መጨረሻው አይደለም። ጨዋታውን ላላየ ሰው ስሙን ብቻ ነግሮ «እዚህ ውስጥ ምን የምታደርግ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ስሙን ወደድከው ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይረባም፤ ያገራችን ሰው ይሉኝታ አለው፣ «ቆንጆ ነው» ይላችኋል። መልሱ ውስጥ መጨመር፣ መጫን፣ መያዝ፣ መቀጣት ከሚሉት አንዱ ከመጣ ስሙ ሠርቷል። «ነጋዴ ነገር ነው?» ካለ የሽፋኑ ሥዕል የሞላች ሚኒባስ ማሳየት አለበት ማለት ነው። ስሙን ለአንድ ሰው በስልክ ነግሮ፣ ያ ሰው ጽፎ እንዲልክ ማድረግም ይጠቅማል፤ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ተመልሶ ከመጣ ችግሩ ያኔውኑ ይታያል።

ከዚያ ሕጉን ወደ ስሙ መሳብ ይመጣል። በመጀመሪያው ሕግ ካርታ የሚገለጠው በዝምታ ነበር። አሁን ከሁለተኛው ካርታ ጀምሮ «አንድ ትርፍ» ሳይል የገለጠ ሰው፣ ሌላ ተጫዋች «ሂሳብ!» ብሎ ከቀደመው፣ የዚያች ካርታ ብር ለነቃበት ይሄዳል። ይህ በጥንቃቄ የሚታይ ለውጥ ነው። በሦስተኛው አራተኛው ዙር ተጫዋቾቹ ቃሉን እየሳቁ፣ እያስረዘሙ፣ የረዳት ድምፅ እያስመሰሉ ካሉት ስሙ ከጨዋታው ጋር ተሰፍቷል። ቅጣቱን ፈርተው ብቻ በደረቁ እያጉረመረሙ ካሉት ግን ቃሉ የተጫነባቸው ነው፤ ያኔ ሕጉን ማንሳት ይሻላል፣ ምናልባትም ስሙን። ሁለቱን ለመለየት መጠይቅ አያስፈልግም፤ ጎረቤት ክፍል ቁጭ ብሎ መስማት ይበቃል።

የሚቀረው ሳጥኑ ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያደገ ልጅ «ትርፍ»ን ከነሁለት ትርጉሙ ላያውቅ ይችላል፤ ለእሱ ተብሎ ስሙን ማለስለስ ግን የአዲስ አበባውን ገዢ ማጣት ነው። ለዚህ ንዑስ ርዕስ አለ፤ ከሥሩ በአነስተኛ ፊደል «ልጨምር ወይስ ይብቃኝ፦ የታክሲ የካርታ ጨዋታ» ቢባል የዕቃው ዓይነት እዚያ ይነገራል፣ ስሙም ከዚያ ሸክም ነፃ ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ትርፍ» ተነባቢዎቹ ይደራረቡና ለእንግዳ አፍ ይከብዳል፤ እንዴት እንደሚጻፍ አንዴ ተወስኖ፣ በምዝገባውም በሳጥኑም በማኅበራዊ ገጹም ያው አጻጻፍ ብቻ መግባት አለበት። ሽፋኑ ላይ የሚተልቀው ግን የግዕዙ ፊደል ነው፤ የላቲኑ ቦታ ከተጫዋቾቹ ቁጥርና ከደቂቃው አጠገብ፣ በሳጥኑ ጎን ነው።